በየወሩ ፑት የመሸጥ ደንቤን ባክቴስት አደረግኩት፤ ውጤቱ ከልክ በላይ አማረብኝ

የሲልቨር_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የለፋሁበትን ባክቴስት፣ ማለትም ደንቤን ባለፉት ዓመታት ዋጋ ላይ የሞከርኩበትን ሥራ፣ ላሳያችሁና ስህተቱን እንድትፈልጉልኝ ነው። ገንዘቡ የእኔና የባለቤቴ ቁጠባ ነው፤ 60,000 ዶላር። ለቤት መግዣ ብለን ያስቀመጥነው ስለሆነ ደፍሬ ከመግባቴ በፊት ሌላ ዓይን እንዲያየው ፈለግኩ።

ደንቡ ቀላል ነው። በየወሩ ሦስተኛው ዓርብ ላይ የስፓይን፣ ማለትም ኤስፒ 500ን የሚከተለውን ፈንድ፣ ፑት እሸጣለሁ። ፑት የኦፕሽን ዓይነት ነው፤ ለገዢው እስከ ማብቂያው ቀን አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት ይሰጠዋል። ያ ዋጋ ስትራይክ ነው፤ ለመብቱ የሚከፍለኝ ደግሞ ፕሪሚየም ነው። ስትራይኩ ከዕለቱ ዋጋ 5 በመቶ ዝቅ ያለ ነው። ማብቂያው የሚቀጥለው ወር ሦስተኛ ዓርብ ነው። በመሃል ምንም አልነካም። ስፓይ ከስትራይኩ በላይ ከዘጋ ፕሪሚየሙ የእኔ ነው። በታች ከዘጋ ልዩነቱን ቀንሼ ወደሚቀጥለው ወር አልፋለሁ።

ዳታው ከ2012 እስከ 2019 ድረስ የየዕለቱ መዝጊያ ነው። የሸጥኩበትን ዋጋ የቢድ፣ ማለትም ገዢ የሚያቀርበው ዋጋ፣ እና የአስክ፣ ማለትም ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋ፣ መካከለኛ አድርጌ ወሰድኩ። ውጤቱ ወደ ላይ የሚሄድ ለስላሳ መስመር ነው። የከሰሩት ወራት በጣም ጥቂት ናቸው። ከሁሉም የከፋው ከኖቬምበር 16 እስከ ዲሴምበር 21 2018 ያለው ነው፤ እሱንም መስመሩ ቶሎ ተሻግሮታል።

ይኼ ከሰመረ በትንንሽ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ልሞክረው አስቤያለሁ፤ እዚያ ፕሪሚየሙ ወፍራም ነው። ብቻ ውጤቱ ከመጠን በላይ ስላማረ ልቤ አላርፍ አለ። ምን አጥፍቻለሁ?

ቀጤማ77

ወንድሜ፣ ጥሩ ሥራ ነው። አንድ ነገር ልንገርህ። ስለ ስፕሬድ፣ ማለትም ስለ ቢድና አስክ ልዩነት፣ የሚያስፈራሩህን አትስማ። የስፓይ ፑት ላይ ቢድና አስክ የሚለያዩት በአንድ ሳንቲም ነው። መካከለኛውን መውሰድህ ምንም አያመጣም። ይልቅ የብሮከሩን ኮሚሽን ጨምርበት፤ እሱን የረሳህ መሰለኝ።

ከ2012 በፊት ያለው ዳታ ውድ ከሆነብህ ደግሞ አትግዛው። ገበያው የሚጠብቀውን ቮላቲሊቲ፣ ማለትም የዋጋ መዋዠቅ፣ የሚለካውን ቪክስን ወስደህ የኦፕሽን ዋጋ በሚያሰላው የብላክ ሾልስ ቀመር ውስጥ ብታስገባው የፑቱን ዋጋ ይሰጥሃል። እኔ እስከ 1990 ድረስ የሄድኩት በዚህ መንገድ ነው።

ጋሽ_ሒሳብ

የሲልቨር ልጅ፣ ልብህ አለማረፉ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ቺካጎ ውስጥ የኦፕሽን ነጋዴዎችን ሪስክ የምቆጣጠር ሰው ነበርኩ። እንዲህ የሚያምር መስመር ብዙ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ያውቃል። አንድ በአንድ እንሂድ። ዛሬ ስፕሬዱን ብቻ።

ቀጤማ ግማሹን እውነት ተናግሯል። በሰላም ቀን የስፓይ ስፕሬድ ጠባብ ነው። ስህተቱ ያለው ሰው ስፕሬዱን ከፕሪሚየሙ ጋር ስለሚያወዳድረው ነው። ፕሪሚየሙ ትርፍህ አይደለም። ትርፍህ ከፕሪሚየሙ ላይ በአማካይ የምትከፍለው ኪሳራ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው።

በምሳሌ ልያዘው። አንድ ፑት መካከለኛ ዋጋው 0.50 ነው እንበል። በብዙ ወራት አማካይ መልሰህ የምትከፍለው 0.40 ቢሆን የሚቀርልህ 0.10 ነው። ስፓይ ላይ ቢዱ 0.49፣ አስኩ 0.51 ቢሆንና በቢዱ ብትሸጥ ያጣኸው 0.01 ነው። ከፕሪሚየሙ 2 በመቶ ብቻ ይመስላል። ከእውነተኛው ትርፍህ ግን አንድ አሥረኛው ሄደ።

አሁን ወደ ትንሹ ኩባንያ ውሰደው። እዚያ ቢድ 0.40፣ አስክ 0.60 ማየት የተለመደ ነው። መካከለኛው ያው 0.50 ነው። ባክቴስትህ ሁለቱን ፑቶች አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንተ ግን በ0.40 ሸጠህ በአማካይ 0.40 ስትከፍል ዓመቱን ሙሉ በነፃ ሠራህ ማለት ነው። «ፕሪሚየሙ ወፍራም ነው» ያልከው ቦታ ላይ ስፕሬዱም ወፍራም ነው።

ኮድህ ውስጥ ይህችን ጨምር፦

```python
def sell_price(bid, ask, k):
    mid = (bid + ask) / 2
    return mid - k * (ask - bid) / 2
```

`k` ዜሮ ሲሆን በመካከለኛው ሸጥክ ማለት ነው። አንድ ሲሆን በቢዱ። ሙሉውን ባክቴስት በ0፣ በ0.5 እና በ1 አስኪደው። በ0 ትርፋማ ሆኖ በ0.5 ላይ የሚሞት ደንብ ከሆነ ያገኘኸው ትርፍ የአንተ አይደለም፤ ቢድና አስክ የሚያስቀምጠው የገበያ አቅራቢው ነው።

በመካከለኛው ዋጋ ትዕዛዝ አስቀምጬ እጠብቃለሁ የሚል ይኖራል። እሱም ይሠራል፣ ግን ባክቴስቱ የማያየው ነገር አለው። ገበያው ወደ ላይ ሲሄድ የፑቱ ዋጋ ይወርድና ትዕዛዝህ ሳይሞላ ይቀራል። ገበያው ወደ ታች ሲሄድ ደግሞ ወዲያው ይሞላልሃል። የሚያመልጥህ ደህና ደህናው ነው።

ቀጤማ77

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ስፓይ ስናወራ ትንንሽ ኩባንያ ማምጣቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ስፓይ ላይ መካከለኛው መካከለኛ ነው።

ጋሽ_ሒሳብ

በሰላም ቀን አዎ። ኦገስት 5 2024ን ግን አስታውስ። የጃፓን ገበያ የወደቀበት ሰኞ። ቪክስ ኒውዮርክ ከመከፈቱ በፊት 65.73 ደረሰ። በዚያው ቀን 38.57 ላይ ዘጋ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያን ያህል ፍርሃት መጥቶ አልሄደም። ቪክስ የሚሰላው ከኤስፒኤክስ፣ ማለትም ከራሱ ከኤስፒ 500 ኢንዴክስ፣ ኦፕሽኖች የቢድና የአስክ መካከለኛ ነው። በዚያ ጠዋት ገበያ አቅራቢዎቹ አስኩን ሰማይ ሰቀሉት፣ መካከለኛውም አብሮ ወጣ። ብዙ ግብይት ያልተደረገበት ዋጋ ነበር። ከዓለም በጣም ከሚገበያዩት ኦፕሽኖች ላይ የሆነ ነገር ነው።

ስለዚህ ባክቴስት ያን ጠዋት በመካከለኛው ዋጋ «ሸጥኩ» ቢልህ አትመነው። «ገዝቼ ወጣሁ» ቢልህም አትመነው። ስፕሬዱ የሚሰፋው አንተ በጣም በምትፈልገው ቀን ነው።

የሲልቨር ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የዳታህ ዋጋ የስንት ሰዓት ነው?

የሲልቨር_ልጅ

«መዝጊያ» ነው የሚለው ጋሼ። የ4 ሰዓት ይመስለኛል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ።

ጋሽ_ሒሳብ

አረጋግጥ። የመጨረሻዋ ደቂቃ ጥቅስ አስተማማኝ አይደለም፤ አቅራቢዎቹ እጃቸውን መሰብሰብ የሚጀምሩበት ሰዓት ነው። የኦፕሽን ገበያው የሲቦ ዳታ ከመዝጊያው ሌላ የ3፡45 ጥቅስም አለው። በእሱ ሥራ። ሌላም ስህተት ያመጣብሃል፦ ስትራይኩን በ4፡00 የስፓይ ዋጋ መርጠህ ፕሪሚየሙን በ4፡15 ጥቅስ ከወሰድክ ሁለት የተለያዩ ገበያዎችን እያጋባህ ነው። የስፓይ ኦፕሽን እስከ 4፡15 ይገበያያል።

ሳሪስ_አቦ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ይቅርታ፣ መሃል ገባሁ። ይኼ ገበያው ይወድቃል ብሎ መወራረድ ነው አይደል? ሲወድቅ ታተርፋላችሁ ማለት ነው? የእኛም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯልና እዚህ ማድረግ ይቻላል ወይ?

ሃይፋ_ላይ

ወንድሜ፣ ተገላቢጦሽ ነው። ፑት የሚገዛው ሰው ነው መውደቅን የሚፈራው ወይም የሚፈልገው። እዚህ ያለው ወንድማችን ሻጩ ነው። ልክ እንደ ኢንሹራንስ ድርጅት ነው፤ በየወሩ ትንሽ ክፍያ ይሰበስባል፣ አደጋ ሲመጣ ይከፍላል። የሚያተርፈው ገበያው ካልወደቀ ነው። የኢትዮጵያው ገበያ በጃንዋሪ 2025 ነው የተከፈተው፤ ኦፕሽን የለበትም። ይኼ ክር በሙሉ ስለ አሜሪካ ገበያ ነው።

የሌሊት_ፈረቃ

እኔ ሚኒሶታ ነርስ ነኝ። ስለ ባክቴስት ብዙ አላውቅም። ግን ስለ አሳይንመንት፣ ማለትም የፑቱ ገዢ መብቱን ተጠቅሞ አክሲዮኑን ለሻጩ ስለሚያስረክብበት ነገር፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ለዚህ ልጅ ይጠቅመው ይሆናል።

የአንድ ትንሽ የመድኃኒት ኩባንያ ፑት ሸጬ ነበር። ስትራይኩ 20፣ ሦስት ኮንትራት። ዓርብ አክሲዮኑ 20.05 ላይ ዘጋ። አለፈ፣ ተመስገን ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ስከፍት 300 አክሲዮን በአካውንቴ ገብቷል፤ 6,000 ዶላሬ ወጥቷል። ኩባንያው ገበያ ከተዘጋ በኋላ መጥፎ ዜና አውጥቶ ነበር። ሰኞ 17 ላይ ተከፈተ።

ብሮከሩ ጋ ደውዬ ተጣላሁ። ከስትራይኩ በላይ ነው የዘጋው፣ እንዴት ትሰጡኛላችሁ አልኩ። እነሱም ሥርዓቱ እንደዚያ ነው አሉኝ። እስካሁን በደንብ አልገባኝም። ጋሼ፣ በእርግጥ ልክ ናቸው?

ጋሽ_ሒሳብ

እህቴ፣ አዝናለሁ። ልክ ናቸው። ፑቱን የገዛው ሰው ዓርብ ገበያው በ4፡00 ከተዘጋ በኋላም ጊዜ አለው። ደንቡ እስከ 5፡30 ይፈቅድለታል፤ አንዳንድ ብሮከር ቀደም ብሎ ይቆርጣል። ከስትራይኩ በታች የዘጋውን የኦፕሽን ግብይቱን የሚያወራርደው ማጽጃ ቤት በራሱ ያስፈጽመዋል። በላይ የዘጋውን ግን ባለቤቱ «አስፈጽሙልኝ» ማለት ይችላል። መጥፎውን ዜና አይቶ፣ በ20 የመሸጥ መብት በእጁ እያለ፣ ለምን ይጥለዋል? አንቺ ደግሞ ያን መብት ሸጠሽለታል።

የሲልቨር ልጅ፣ ይህን ልብ በል። የአንተ ኮድ የ4፡00 ዋጋ አይቶ «በላይ ነው፣ አለፈ» ይላል። የእህታችን ጉዳይ በአንተ ሠንጠረዥ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንደ ድል ይመዘገብ ነበር። ስፓይ ላይ እንዲህ ያለ ዜና አይበዛም። ትንንሽ ኩባንያዎች ላይ ግን ውጤትና የመድኃኒት ፈቃድ ወሬ የሚወጣው ሆን ተብሎ ገበያ ሲዘጋ ነው።

የሲልቨር_ልጅ

እህቴ፣ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ይኼ ጭራሽ አልታሰበኝም ነበር። ጋሼ፣ ታዲያ ስፓይ ላይ ከቆየሁ አሳይንመንቱን ልተወው? እኔ እንደ ጥሬ ገንዘብ ሒሳብ ነው የቀነስኩት፤ 5 ዶላር ከወረደ 5 ዶላር አጣሁ ብዬ።

ጋሽ_ሒሳብ

አትተወው። በገንዘብ የሚወራረደው ኤስፒኤክስ ነው። ስፓይ ላይ አክሲዮኑ ራሱ ነው የሚመጣልህ። ዓርብ ማታ ይሰጥሃል፣ መሸጥ የምትችለው ሰኞ ነው። አንተ ግን በኮድህ ዓርብ በ4፡00 ከስረህ፣ በዚያው ደቂቃ አዲስ ፑት ሸጠሃል። ገንዘብህ አክሲዮን ሆኖ ታስሮ ሳለ በየትኛው ገንዘብ?

አንድ ቅዳሜና እሁድ ምን ያደርጋል? ማርች 20 2020 ዓርብ ማብቂያ ቀን ነበር። ኤስፒ 500 በ2304.92 ዘጋ። ሰኞ ማርች 23 በ2237.40 ዘጋ። ወደ 3 በመቶ ተጨማሪ ነው። ኮድህ ያን አያይም። ከዚያ ሰኞ በኋላ ደግሞ ገበያው ተነሣ። አክሲዮኑን ይዞ የቆየ ሰው በኦገስት ወደ ፌብሩዋሪው ከፍታ ተመለሰ። ሰኞ ሸጦ አዲስ ፑት የሸጠ ሰው ግን መውጣቱን በሙሉ አላገኘም፤ የፑት ሻጭ ከፕሪሚየሙ በላይ አያገኝምና። ስለዚህ «አሳይን ሲደረግ ምን አደርጋለሁ» የሚለው መልስ የደንብህ ግማሽ ነው። አልጻፍከውም።

ኮድህ ሁለት ሁኔታ ይኑረው፤ «ገንዘብ ይዣለሁ» እና «አክሲዮን ይዣለሁ»። አክሲዮን ሲይዝ አዲስ ፑት መሸጥ አይችል። ሰኞ መክፈቻ ላይ ይሸጥ ወይስ ይያዝ፣ አንዱን አስቀድመህ ምረጥ። ሁለቱንም ሞክሬ የተሻለውን እይዛለሁ ካልክ ግን ያለፈውን እያየህ መልስ እየሞላህ ነው።

ሃይፋ_ላይ

አንድ ነገር ልጨምር። ማብቂያው ሳይደርስም አሳይን ይደረጋል። የዳታህ ዓመታት ይህን ይደብቁብሃል። ከ2012 እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ የአሜሪካ ወለድ ዜሮ አካባቢ ነበር። ፑት የያዘ ሰው ቀድሞ አስፈጽሞ ገንዘቡን ቢወስድ ምንም ወለድ አያገኝበትም። ስለዚህ ይጠብቃል። በ2023 ወለዱ ከ5 በመቶ በላይ ሆነ። የ400 ስትራይክ አንድ ፑት 40,000 ዶላር ነው፤ በ5 በመቶ የአንድ ወር ወለዱ 167 ዶላር ገደማ ይሆናል። ስፓይ ከስትራይኩ በጣም ከወረደና የቀረው የጊዜ ዋጋ ከዚያ ካነሰ ባለቤቱ አይጠብቅም። እኔ በ2023 ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፤ ሁለቱም ማብቂያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው።

ቀጤማ77

ይኼ ሁሉ ገንዘቡ በእጁ ካለ ምን ችግር አለው? አክሲዮኑን ይረከባል፣ አለቀ።

ጋሽ_ሒሳብ

እውነትህን ነው፣ ገንዘቡ በእጁ ካለ። ልጄ፣ ስንት ኮንትራት ነው በየወሩ የምትሸጠው? መጀመሪያ ላይ አልነገርከንም።

የሲልቨር_ልጅ

እሱን ሳልጽፍ ቀርቼ ነው ጋሼ። በወር 300 ዶላር እንዲገባ አድርጌ ነው የኮንትራቱን ቁጥር የምመርጠው። ፕሪሚየሙ ሲያንስ ኮንትራቱ ይበዛል። 2017 ላይ ፕሪሚየሙ በጣም ትንሽ ስለነበር ስድስት ሰባት ደርሷል። ብሮከሩ ማርጂን ይፈቅዳል፤ ለአንድ ኮንትራት የሚይዘው ከሙሉው ዋጋ ትንሽ ክፍል ነው።

ጋሽ_ሒሳብ

የፈራሁት ይህን ነበር። እንግዲህ ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፤ ይህን ሳታነብ እንዳትተኛ።

በሠንጠረዥህ ውስጥ አንድ መስመር ክፈት። ጃንዋሪ 19 2018 የተሸጠው። ቪክስ ያን ቀን 11.27 ነበር። ስፓይ 280 አካባቢ። ስትራይክህ 266። ማብቂያው ፌብሩዋሪ 16። ስፓይ ያን ቀን 273 አካባቢ ዘጋ። ከስትራይኩ በላይ ነው። ኮድህ «ድል» ብሎ ጽፎታል፣ አይደል?

አሁን በመሃል ያለውን እይ። ዋጋዎቹን በብላክ ሾልስ ነው ያሰላኋቸው፤ የገበያ ጥቅስ አይደሉም፣ ግን መጠኑን ያሳዩሃል። ስትሸጠው 0.50 ገደማ። ፌብሩዋሪ 5 ሰኞ ቪክስ ከ17.31 ወደ 37.32 ዘለለ። ስፓይ 264 ሆነ፣ ፑቱ ወደ 7.50 ደረሰ። ፌብሩዋሪ 8 ሐሙስ ስፓይ 258 አካባቢ ዘጋ፤ ፑቱ 10 ዶላርን አለፈ። የሰበሰብከው 0.50 ነው። በወረቀት ላይ ያለብህ ዕዳ የዚያን ሃያ እጥፍ ያህል ነው።

በ300 ዶላር ደንብህ ያን ወር ስድስት ኮንትራት ነው የምትሸጠው። ስድስት ጊዜ 26,600 ማለት 159,600 ዶላር ነው፤ ያለህ 60,000። ፌብሩዋሪ 8 ላይ በወረቀት 5,700 ዶላር ያህል ከስረሃል። ያ ብቻውን አይገድልህም። ግን ብሮከሩ ቮላቲሊቲ ሲወጣ የሚይዘውን ማርጂን ከፍ ማድረግ ይችላል። ያኔ እሱ በወሰነው ሰዓት፣ በሰፋው ስፕሬድ፣ በአስኩ ዋጋ ይዘጋብሃል። ፌብሩዋሪ 16 ደርሶ ስፓይ 273 ሲሆን አንተ የለህም። ኮድህ ዓርብን ከዓርብ ጋር ብቻ ስለሚያገናኝ ይህ ሁሉ አልሆነም ይልሃል።

ኤልጄኤም የሚባል ፈንድ የኤስፒ ኦፕሽን እየሸጠ ይኖር ነበር። በዚያው ፌብሩዋሪ 2018 በሁለት ቀን ውስጥ ከዋጋው 80 በመቶ ያህሉን አጥቶ በኋላ ተዘጋ። የወሩን መጨረሻ ጠብቆ ማየት አልቻለም።

አሁን የኮንትራቱን ቁጥር እንይ። በወር 300 ዶላር የሚለው ደንብ ገበያው ሲረጋጋ ብዙ እንድትሸጥ፣ ሲረበሽ ጥቂት እንድትሸጥ ያደርግሃል። ኖቬምበር 3 2017 ቪክስ 9.14 ላይ ዘግቶ ነበር። በዚያ ዘመን ነው ከፍተኛው ቁጥር ያለህ። የ2020ው ዓይነት ውድቀት፣ 31 በመቶ ገደማ በአንድ የማብቂያ ዙር፣ በጃንዋሪ 2018 ስድስት ኮንትራትህ ላይ ቢደርስ ስፓይ ከ280 ወደ 192 ይወርዳል። በኮንትራት 7,400፣ በስድስቱ 44,000 ዶላር ያህል። ከ60,000 ላይ።

ዳታህ 2019 ላይ መቆሙ ለዚህ ነው የሚያሳስበኝ። ፌብሩዋሪ 21 2020 ስፓይ 333 ተኩል አካባቢ ነበር። ስትራይክህ 317። ማርች 20 ስፓይ 229 አካባቢ ዘጋ። በኮንትራት 8,800 ዶላር። ቪክስ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለነበር ደንብህ ሁለት ብቻ ይሸጥ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ከ17,000 ዶላር በላይ ነው። ውድቀቱ ከአንድ ወር በፊት ከነበረው ጸጥታ ቢነሣ ኖሮ ቁጥርህ ይበዛ ነበር።

የሌሊት_ፈረቃ

ጋሼ፣ ይህን ስትጽፉ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ልጁ የቤቱን ገንዘብ ነው የያዘው። እባክህ ወንድሜ አትቸኩል።

ቀጤማ77

ጋሼ፣ የመሃሉን ጉዳይ ተቀብያለሁ። ግን መፍትሔው ቀላል ነው። ስቶፕ ያስገባበት። ፑቱ የተሸጠበትን ሦስት እጥፍ ሲደርስ ገዝቶ ይውጣ። በ0.50 ከሸጠ በ1.50 ይዘጋል። የሚያጣው 1 ዶላር ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ባክቴስቴም ደህና ነው።

ጋሽ_ሒሳብ

በዚያው ፑት ላይ ሞክረው። ፌብሩዋሪ 2 ዓርብ መዝጊያ ላይ በስሌቴ 1.20 ገደማ ነው። ስቶፕህ አልተነካም። ሰኞ መዝጊያ ላይ 7.50 ነው። በዕለት መዝጊያ ዳታ የሚሠራ ኮድ በ1.50 ወጣሁ ካለህ በዚያ ዳታ ውስጥ የሌለ ዋጋ ፈጥሮልሃል። ማድረግ ያለበት በ7.50 ማስወጣት ነው፤ በላዩ ላይ ስፕሬዱን። በዕለቱ ውስጥ በ1.50 በኩል አልፎ ይሆናል፤ ያን ለማወቅ የደቂቃ ዳታ ያስፈልግሃል። ያንተ የትኛውን ነው የሚያደርገው?

ቀጤማ77

አይቼ እመለሳለሁ።

ሃይፋ_ላይ

የሲልቨር ልጅ፣ 5 በመቶውም ራሱ ችግር አለበት። ቪክስ 10 ሲሆን ገበያው በወር ውስጥ ሊወዛወዝ የሚጠበቀው ወደ 3 በመቶ ነው። 5 በመቶ ሩቅ ነው። ቪክስ 40 ሲሆን የሚጠበቀው 11 በመቶ ተኩል ነው። 5 በመቶ ደጃፍ ላይ ነው። አንድ ደንብ እየተከተልክ ይመስልሃል፤ አንዱ ወር ላይ ሎተሪ እየሸጥክ፣ ሌላው ወር ላይ አክሲዮኑን ራሱን እንደያዘ ሰው እየተጋለጥክ ነው። የሁለቱን ወራት ውጤት ደባልቀህ አማካይ ብታወጣ ስለማንኛቸውም አይነግርህም። እኔ በዴልታ ነው የምመርጠው፤ ዴልታ ገበያው ከስትራይኩ በታች የመዝጋት ዕድሉን በመቶኛ በግምት ያሳያል። ሁልጊዜ 15 ዴልታ። ገበያው ሲረበሽ ስትራይኩ ራሱ ይርቃል።

ጋሽ_ሒሳብ

በዴልታ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም እህቴ። ዴልታው የሚሰላው ገበያው ዛሬ በሚያስበው ቮላቲሊቲ ነው። በጃንዋሪ 2018 ገበያው ምንም አይሆንም ብሎ ስላሰበ 15 ዴልታ ከ5 በመቶም ቀርቦ ነበር። ከአደጋው በፊት ወደ ገበያው ያስጠጋሃል፣ ካለፈ በኋላ ያርቅሃል።

ሃይፋ_ላይ

ይገባኛል ጋሼ። ግን ከአደጋው በኋላ ያለው ወራት ላይ ነው ትልቁ ፕሪሚየም ያለው፤ እዚያ በሕይወት መቆየት እፈልጋለሁ። የእኔ ሒሳብ ዴልታን ይደግፋል፣ የእርስዎ ልምድ ይቃወማል። ሁለታችንም ያለን ጥቂት ትልልቅ ውድቀት ነው። በአራት በአምስት ክስተት ማንም ማንንም አያሸንፍም።

ጋሽ_ሒሳብ

እውነት ነው። በዚህ እንለያይ። በአንዱ ግን እንስማማ፦ የኮንትራቱ ቁጥር ከፕሪሚየሙ ተነሥቶ አይወሰን። ስትራይኩ በመቶ ተባዝቶ፣ ያ ገንዘብ በአካውንቱ ውስጥ ሲኖር ብቻ።

ቀጤማ ቀደም ብሎ ስላለው የቪክስ ቀመርም ሳልረሳ። ቪክስ ከብዙ ስትራይክ የተቀመረ አንድ ቁጥር ነው። ስትራይኩ ከገበያው 5 በመቶ ዝቅ ያለ ፑት የራሱ ቮላቲሊቲ አለው፤ ብዙ ጊዜ ገበያው አጠገብ ካለው ከፍ ይላል። ልዩነቱም ከወር ወር ይቀያየራል። እስከ 1990 የወሰድከው ባክቴስት የፑት ታሪክ ሳይሆን የቀመሩ ታሪክ ነው። ከዚያም በላይ በቀመር ውስጥ ስፕሬድ የለም።

የሲልቨር_ልጅ

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ እየሠራሁት ነበር። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ዋጋውን ከ3፡45 ጥቅስ ወሰድኩ። `k` 0.5 አደረግኩ። ኮንትራቱን ሁለት ብቻ አደረግኩ፤ ዋጋው ከ300 ሲያልፍ አንድ። አሳይን ሲደረግ ሰኞ መክፈቻ ላይ ይሸጣል፣ አዲሱን ፑት ከዚያ በኋላ ነው የሚሸጠው። ሒሳቡን በየቀኑ እንጂ በየወሩ አልለካም፤ የሚለካውም በአስኩ ዋጋ ነው። እስከ 2020 መጨረሻ አስረዘምኩት።

መስመሩ አሁን ለስላሳ አይደለም። ጃንዋሪ 2018 የተሸጠው ላይ ያለው ጉድጓድ ድሮ ያልነበረ ነው፤ ወሩ ግን አሁንም በድል ነው የሚያልቀው። ማርች 2020 ደግሞ የብዙ ዓመት ፕሪሚየም በልቶ ሄደ። ስፓይ ላይ ስፕሬዱ ያን ያህል አልጎዳኝም፤ እዚህ ላይ ቀጤማ ትክክል ነበር። ለትንንሾቹ ኩባንያዎች ግን በ`k` 0.5 ብቻ ምንም አልተረፈም፤ ትቼዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን የቤቱን ገንዘብ አንነካም አልን።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በማርች 2020 አንዳንድ ቀናት ላይ ዳታው የተበላሸ ይመስላል። ቢዱ ዜሮ ሆኖ አስኩ ብዙ ዶላር የሆነበት አለ። አንዳንዱ ላይ ስፕሬዱ ከፑቱ ዋጋ ይበልጣል። እነዚህን መስመሮች አጥፍቼ ልሂድ?

ቀጤማ77

የእኔን ኮድ አየሁት ጋሼ። በ1.50 ነበር የሚያስወጣኝ። አስተካክዬ እንደገና አስኬድኩት፤ ትርፉ ከግማሽ በታች ወረደ። የደቂቃ ዳታ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ንገሩኝ።

ጋሽ_ሒሳብ

የሲልቨር ልጅ፣ አታጥፋቸው። ጥቂቱ እውነተኛ የዳታ ስህተት ይሆናል፤ አጠገቡ ካሉት ስትራይኮችና ከሚቀጥለው ጥቅስ ጋር አስተያየው። ስፓይ ከስትራይኩ በታች በጣም የወረደበት ፑት ላይ ቢዱ ዜሮ ከሆነ ስህተት ነው። ስትራይኩ ከገበያው በታች በጣም የራቀ ፑት ላይ ከሆነ ግን በዚያ ቀን የሚገዛ አልነበረም ማለት ሊሆን ይችላል። እሱን እንዳለ ተወው። ኮድህ ያን ቀን መሸጥ ከፈለገ «አልተሸጠም» ብሎ ይመዝግብ። መዝጋት ካስፈለገው በአስኩ ይዝጋ፣ የፈለገ ያህል ቢሆን። አስቀድመው የጸዱ ዳታዎች ብዙ ጊዜ የሚጥሉት እነዚህኑ መስመሮች ነው። ያንተን ዳታ የሸጠልህን ጠይቀው፤ ከአንተ በፊት የጣለው መስመር ይኖር ይሆን?

የሲልቨር_ልጅ

ዛሬ ጻፍኩላቸው ጋሼ። መልሱ ሲመጣ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ።